ስለ ስደት ለሚደረግ የውይይት ምሽት ፊልም አመራረጥ፦ ለወላይታ ሶዶና አካባቢዋ አዘጋጆች

ከወላይታ ዞን ሥራ ፍለጋ የሚነሣ ሰው የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውና የቆየው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ ሰፋፊ እርሻዎች የሚወስደው የአገር ውስጥ መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአብዛኛው ሴቶች በቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ሊባኖስና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሚጓዙበት ነው። ሦስተኛው፣ የወላይታ ወጣቶች ከሐዲያና ከከምባታ ወጣቶች ጋር የሚጋሩት የደቡብ መንገድ፣ ከሞያሌ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ይደርሳል። በሱዳንና በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ የሚሻገረው አራተኛው መንገድ በፊልም ከሁሉም በላይ የተቀረጸ በመሆኑ፣ ስለ ስደት የውይይት ምሽት ለማዘጋጀት ያሰበ እድር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም የወጣት ማኅበር ፊልም መፈለግ በጀመረ ቁጥር መጀመሪያ እጁ የሚገባው የሜዲትራኒያን ባሕር ታሪክ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የአዘጋጁ የመጀመሪያ ሥራ ፊልም መፈለግ ሳይሆን፣ ምሽቱ ስለ የትኛው መንገድ እንደሚነጋገር መቁረጥ ነው።

ይህን ለመቁረጥ የሚረዳው፣ ከምሽቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ የእድር ዳኞችን፣ የሴቶች ማኅበር ተጠሪዎችንና የመምህራንን ምክር በመጠየቅ፣ በዚያ ቀበሌ ልጆቻቸውን የላኩ ቤቶች በብዛት ወዴት እንደላኩ ማወቅ ነው። ቁጥር መሰብሰብም ስም መመዝገብም አያስፈልግም፤ እንዲያውም በሕገወጥ መንገድ የሄደ ሰው ስም በማንም ወረቀት ላይ ባይሰፍር ይመረጣል። በዚሁ ንግግር ላይ አንድ ሌላ ጥያቄ ሊዘነጋ አይገባም፤ እርሱም በአካባቢው በቅርቡ ከውጭ አገር መርዶ የመጣበት ቤት ይኖር እንደሆነ ማጣራት ነው። መርዶ ከተነገረ ብዙ ሳይቆይ ሞት ያለበትን ፊልም ለሰፈሩ ማሳየት፣ ፊልሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሐዘንተኛውን ቤት በአደባባይ እንደማጋለጥ ስለሚቆጠር፣ ምሽቱን ማዘግየት ወይም ፊልሙን መለወጥ ይገባል።

መንገዱ ከታወቀ በኋላ አዘጋጁ በእጩነት የያዛቸውን ፊልሞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ማየት ይኖርበታል። የማስታወቂያ ቅንጭብ ማየት ወይም የተሸለመበትን መድረክ ስም ማንበብ አይበቃም። ሲያይም ሦስት ነገሮችን ይመዝናል። አንደኛው ፊልሙ የላኪውን ቤት ማሳየት አለማሳየቱ ነው፤ ስደተኛውን በበረሃ ወይም በባሕር ላይ የሚጀምር ፊልም ገንዘቡን ማን እንዳበደረ፣ በሬው በማን ፈቃድ እንደተሸጠ፣ እናትና አባት ምን ተስፋ እንዳደረጉ ስለማይናገር፣ በአዳራሹ የተቀመጡት ወላጆች ከታሪኩ ውጭ ሆነው ይቀራሉ። ሁለተኛው በፊልሙ ውስጥ ሰዎች የሚወስኑበት ቅጽበት መኖሩ ነው፤ ውይይት የሚነሣው አንድ ሰው ሌላም መምረጥ ይችል በነበረበት ቦታ ላይ ሲሆን፣ ባለታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚደበደብበት ፊልም ግን ከልቅሶ ሌላ የሚጠይቀው የለም። ሦስተኛው የጭካኔ ትዕይንቶቹ ርዝመትና አቀራረጽ ነው።

በዚህ በሦስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አዘጋጆች ይሳሳታሉ። የስቃይ ፊልም ወጣቱን አስፈርቶ ያስቀረዋል ተብሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ በሶዶ፣ በቦዲቲም ሆነ በአረካ የደቡቡ መንገድ አደገኛ መሆኑን የማያውቅ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው መገኘታቸው፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ኢትዮጵያውያን አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ መገኘቱ በየቤቱ የተሰማ ዜና ነው። ወጣቱ የሚሄደው አደጋውን ሳያውቅ ሳይሆን፣ እርሱን አልፈው ጆሃንስበርግ ገብተው ሱቅ የከፈቱትን በአጠገቡ ቆጥሮ ነው። በፍርሃት ላይ ብቻ የተመሠረተ ፊልም ይህን ስሌት ስለማይነካው፣ ምሽቱ ካለቀ በኋላ ወጣቶቹ «ይህን እናውቃለን» ብለው ይወጣሉ፤ ልጆቻቸው መንገድ ላይ ያሉ እናቶች ግን ያዩትን ይዘው ሲጨነቁ ያድራሉ።

በእነዚህ መመዘኛዎች ጥቂት የታወቁ ፊልሞችን ማየት ይቻላል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ከጀርመን ወደ ጣና አካባቢ የትውልድ መንደሩ የሚመለሰውን የአንበርብርን ታሪክ የሚነግር፣ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የተሸለመና በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ከፍተኛውን ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው፤ ስለ መመለስ ከዚህ የጠለቀ የኢትዮጵያ ፊልም ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ከሁለት ሰዓት በላይ የሚረዝም ከመሆኑም ሌላ ጊዜን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰ ስለሚተርክና ጉዳዩ በዋናነት የአብዮቱ ዘመን ምሁራን ስደት ስለሆነ፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጂ ለሰፈር ምሽት አይስማማም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (እ.ኤ.አ. 2015) በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሲሆን፣ እናቱ የሞተችበትን ልጅ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የሚሆነውን ያሳያል፤ ስለ አገር ውስጥ ፍልሰትና በዘመድ እጅ ስለሚቀሩ ልጆች ለሚደረግ ምሽት እጅግ ተስማሚ ነው።

አንድሬያ ሴግሬ፣ ዳግማዊ ይመርና ሪካርዶ ቢያዴኔ በ2008 እ.ኤ.አ. የሠሩት፣ ርእሱ «እንደ ሰው በምድር ላይ» ማለት የሆነው የጣሊያን ዘጋቢ ፊልም ደግሞ፣ ዳግማዊ ራሱ በሊቢያ አልፎ ላምፔዱሳ ከደረሰ በኋላ የሌሎች ኢትዮጵያውያንን ምስክርነት በአማርኛ የሰበሰበበት ነው። ዘጋቢ ፊልም ማለት ተዋናይ ሳይኖር እውነተኛ ሰዎች የደረሰባቸውን የሚናገሩበት ፊልም ሲሆን፣ ይህኛው ስቃዩን በትወና ሳያሳይ በቃል ብቻ ስለሚያስነግር፣ ስለ ሊቢያ መነጋገር የፈለገ ሰፈር ሊመርጠው የሚገባ ነው። በአንጻሩ የማቴዎ ጋሮኔ «እኔ ካፒቴን» (እ.ኤ.አ. 2023) በጥበቡ የላቀ ቢሆንም፣ ሁለት ሰዓት የሚወስድና የሊቢያ እስር ቤት ስቃይን በቅርብ የሚያሳይ ስለሆነ፣ ልጆችና ሐዘንተኞች በሚገኙበት አዳራሽ ባይታይ ይሻላል።

ምሽቱ ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱ ሴቶች እንዲሆን ተወስኗል እንበል። ሁለት ፊልሞች ይፎካከራሉ። የመጀመሪያው የናዲን ላባኪ «ካፐርናም» (እ.ኤ.አ. 2018) ሲሆን፣ በቤይሩት ያለ መኖሪያ ወረቀት የምትኖር ራሄል የተባለች ኢትዮጵያዊት እናት በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይዛለች። የከፋላ ሥርዓት፣ ማለትም የውጭ አገር ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የሚታሰርበትና ከዚያ ቤት የወጣች ሴት ወዲያው ሕገወጥ የምትሆንበት አሠራር፣ በዚህ ፊልም ላይ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባል። ድክመቱ ከሁለት ሰዓት በላይ መሆኑና ዋናው ታሪክ የሊባኖሳዊው ልጅ የዘይን መሆኑ ነው፤ ራሄል እንዴት እንደሄደች፣ ማን እንደላካት አይነገርም። ሁለተኛው የሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን «ላ ኑዋር ደ» (እ.ኤ.አ. 1966) ነው። ፊልሙ በጋዜጣ ከወጣ እውነተኛ ዜና ተነሥቶ የተሠራ፣ አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ሥራ ነው።

ባለታሪኳ ዲዋና በዳካር ከተማ ሥራ ፈላጊ ሴቶች መንገድ ዳር ተደርድረው በሚቀመጡበት ቦታ በአንዲት ፈረንሳዊት ትመረጣለች። ሌሎቹ ሴቶች ሲጋፉ እርሷ ዝም ብላ መቀመጧ ለመመረጧ ምክንያት ይሆናል። በዳካር የተሰጣት ሥራ ልጆች መጠበቅ ነበር፤ ወደ ፈረንሳይ አንቲብ ከተሻገረች በኋላ ግን ልጆቹ በሌሉበት ቤት ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢና ወለል ወልዋይ ትሆናለች፤ ከቤት አትወጣም፣ ደመወዟም በጊዜው አይደርሳትም። ከእናቷ ደብዳቤ ይመጣል፤ ዲዋና ማንበብ ስለማትችል የፈረንሳዊቷ ባል የሆነው አሠሪዋ ያነብላታል፤ ደብዳቤው ዝምታዋንና ገንዘብ አለመላኳን ይወቅሳል። አሠሪው መልሱን ራሱ በእርሷ ስም መጻፍ ሲጀምር ደብዳቤውን ትቀድደዋለች። ስትቀጠር በስጦታ ያበረከተችላቸውን ጭምብል መልሳ ትወስዳለች። በመጨረሻም ራሷን ታጠፋለች፤ አሠሪዋ ሻንጣዋንና ደመወዟን ይዞ ወደ ዳካር ሲሄድ እናቷ ገንዘቡን አልቀበልም ትላለች።

ይህ ታሪክ በሴኔጋልና በፈረንሳይ የተፈጸመ ቢሆንም ለሶዶ ከካፐርናም የበለጠ የሚቀርብ ነው፤ ምክንያቱም የሥራው ዓይነት መለወጡ፣ የደመወዙ መዘግየት፣ ከቤት የሚመጣው ወቀሳና ልጅቱ ለቤተሰቧ እውነቱን መናገር አለመቻሏ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሟልተው ይገኛሉ። በተለይ የደብዳቤው ትዕይንት የወላጆችን ድርሻ ያለ ውግዘት ያነሣል። ዛሬ ደብዳቤው በስልክ የድምፅ መልእክት ተተክቷል፤ ልጅቱ በአሠሪዋ ፊት ስልክ ስታነሣ የምትናገረው ከልቧ ያለው እንዳልሆነ ግን በአዳራሹ ብዙ እናት ይገባታል።

ምርጫው የሚጸናው ግን የመጨረሻው ትዕይንት በጥንቃቄ ሲያዝ ብቻ ነው። አዘጋጁ ፊልሙ ራስን በማጥፋት እንደሚያልቅ ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ማስታወቅ፣ ያን ማየት የማይፈልግ ሰው እንዳያፍር ከውይይቱ በፊት ወጥቶ መመለስ እንደሚችል መንገር፣ ከጤና ጣቢያ ወይም ከሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ በአዳራሹ እንዲገኝ መጋበዝ ይኖርበታል። ትዕይንቱን ቆርጦ ማውጣት አይመከርም፤ የእናትየው እምቢታ ትርጉም የሚኖረው ከእርሱ በኋላ ነውና። በአንጻሩ ከአካባቢው ቤተሰብ አንዱ ልጁን በዚህ ዓይነት ሞት ያጣ እንደሆነ ፊልሙ ለዚያ ሰፈር አይመረጥም፤ በቦታው ከካፐርናም የራሄል ክፍሎች ብቻ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ተመርጠው፣ ቀሪው ታሪክ በቃል ተጠቃልሎ ሊቀርብ ይችላል።

ቀጣዩ ሥራ ቋንቋ ነው፤ ብዙ የፊልም ምሽቶች የሚበላሹትም እዚህ ላይ ነው። የ«ላ ኑዋር ደ» ንግግር ፈረንሳይኛ፣ የግርጌ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ ታዳሚው ግን በቤቱ ወላይትኛ የሚናገርና በዕድሜ የገፋው ክፍል ፈጥኖ ማንበብ የማይችል ነው። በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ጽሑፉ በ .srt ፋይል ተቀምጦ በ UTF-8 ካልተቀመጠ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ የግእዝ ፊደል ቅርጽ ከሌለ በስክሪኑ ላይ ባዶ ሣጥኖች ብቻ ስለሚታዩ፣ ፊልሙ በሚታይበት በዚያው ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ መሞከር አለበት። ይሁንና ለሰፈር ምሽት የተሻለው በወላይትኛ በቃል መተርጎም ሲሆን፣ «ላ ኑዋር ደ» ለዚህ ከሌሎች ፊልሞች ሁሉ ይመቻል፤ ምክንያቱም የዲዋና ንግግር በአብዛኛው በልቧ የምታስበው ስለሆነ፣ ምስሉ ላይ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ድምፅዋ ብቻ ይሰማል። አንዲት ሴት ተራኪ ድምፅ ማጉያ ይዛ የዲዋናን ሐሳብ፣ አንድ ወንድ ደግሞ የአሠሪዎቹን ንግግር ቢናገሩ፣ ተመልካቹ ፊልሙን እንደ ራሱ ቋንቋ ሥራ ይከታተለዋል።

ተራኪዎቹ ያለ ጽሑፍ እንዲሠሩ መተው የለባቸውም። በአንድ ወረቀት በግራ በኩል ደቂቃው፣ በቀኝ በኩል የወላይትኛው ንግግር ይጻፋል፤ ንግግሩ ከእንግሊዝኛው አጠር እንዲል ይደረጋል፤ ሁለት ጊዜ ከፊልሙ ጋር ይለማመዱታል። ተራኪው ከምስሉ ወደ ኋላ እየቀረ መሆኑ የሚታወቀው ትዕይንቱ ተለውጦ እርሱ ገና የቀድሞውን ሲናገር ነው፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ፈጥኖ መናገር ሳይሆን ዐረፍተ ነገር መቀነስ ነው። ሴምቤን ራሱ ከልብ ወለድ ደራሲነት ወደ ፊልም የተሻገረው መጽሐፉን ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንዲደርሰው በማሰብ ስለነበር፣ ይህ አሠራር ከሥራው መንፈስ ጋር የሚጣላ አይደለም።

ፈቃድን በተመለከተ በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፊልምን ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቱ መብት ስለሆነ፣ መግቢያው ነጻ ቢሆንም ለአከፋፋዩ ወይም ለፊልም ሠሪው ደብዳቤ ጽፎ ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልስ ለመምጣት ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ይጀመራል። ሰዓቱን በተመለከተ፣ በሶዶ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት በኋላ ስለሆነ መስኮቱ በጨርቅ የሚሸፈን አዳራሽ ከተገኘ በ11 ሰዓት ቢጀመር፣ ፊልሙና ውይይቱ በ1 ሰዓት ተኩል ገደማ አልቀው ከሩቅ ሰፈር የመጡ ሴቶች ባጃጅ ሳይጠፋ ቤታቸው ይገባሉ። መብራት ቢጠፋ የሚተካ ጄኔሬተር ከሌለ ፊልሙን በሙሉ ኃይል በተሞላ ላፕቶፕና በባትሪ በሚሠራ ድምፅ ማጉያ ለመጨረስ ዝግጁ መሆን ይገባል።

ውይይቱ የሚመራው ስለ ዲዋና በሚነሡ ጥያቄዎች እንጂ ስለ ታዳሚው ልጆች በሚነሡ ጥያቄዎች አይደለም። «የሄደች ልጅ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ» የሚል መክፈቻ አዳራሹን ዝም ያሰኛል። በአንጻሩ «ዲዋና ከዳካር ከመነሣቷ በፊት ምን ብትጠይቅ ኖሮ የሥራዋ ዓይነት እንደሚለወጥ ታውቅ ነበር?»፣ «እናቷ ያንን ደብዳቤ ስታስጽፍ ልጇ እንዴት እየኖረች መስሏት ነበር?»፣ «እናትየው ገንዘቡን አለመቀበሏ ትክክል ነው ወይ?» የሚሉ ጥያቄዎች ሰዎች የራሳቸውን ነገር በዲዋና ስም እንዲናገሩ መንገድ ይከፍታሉ። ሦስተኛው ጥያቄ አዳራሹን ለሁለት እንደሚከፍል መጠበቅ ይቻላል፤ መሪው አንዱን ወገን ደግፎ መናገር የለበትም።

ስለ ደላላ መነጋገር መጀመሩ አይቀርም። በዚህ ጊዜ መሪው ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅመዋል፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድን፣ ማለትም ሰውን በማታለል ወይም በማስገደድ ለብዝበዛ ማቅረብን፣ ከድንበር ማሻገር፣ ማለትም ለጥቅም ሲባል ሰውን በሕገወጥ መንገድ ከማሻገር ለይቶ ሁለቱንም በወንጀልነት ያስቀምጣል። ልዩነቱ ለቤተሰቡ የሚጠቅመው፣ የተታለለችው ልጅ ወንጀለኛ ሳትሆን ተጎጂ መሆኗን እንዲያውቅ ነው። ሆኖም በአዳራሹ የማንም ደላላ ስም እንዳይጠራ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ጥቆማ ያለው ሰው ከምሽቱ በኋላ ለብቻው እንዴት ለፖሊስ ማቅረብ እንደሚችል ይነገረዋል። ታዳሚውን በስልክ መቅረጽም መከልከል ይኖርበታል፤ የተቀረጸ ንግግር ወጥቶ ውጭ ያለችውን ልጅ አሠሪ ወይም ደላላ ጋ ቢደርስ የሚጎዳው እርሷን ነው።

ምርጫው ትክክል እንደነበር የሚታወቀው በጭብጨባ አይደለም። ሰዎች ከፊልሙ በኋላ የዲዋናን ስም እየጠሩ ስለ ውሳኔዎቿ ከተከራከሩ ፊልሙ ሠርቷል፤ ስለ ሄደችበት አገር ጭካኔ ብቻ ከተናገሩ ግን ፊልሙ ወይም የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል መለወጥ አለበት። ውይይቱ ከመዘጋቱ በፊት ታዳሚው ቀጥሎ ስለ የትኛው መንገድ መነጋገር እንደሚፈልግ ይጠየቃል። ስለ ደቡብ አፍሪካ ከጠየቀ የአኪን ኦሞቶሶ «ማን ኦን ግራውንድ» (እ.ኤ.አ. 2011)፣ በጆሃንስበርግ በውጭ ዜጎች ላይ ጥቃት በተነሣበት ጊዜ ወንድሙን የሚፈልግ ናይጄሪያዊ ታሪክ በመሆኑ፣ በሎኬሽን ሱቅ ለከፈቱ ወንድሞች ቤተሰብ ቅርብ ነው። ስለሚላከው ገንዘብ ከጠየቀ ግን ከሴምቤን «ማንዳቢ» (እ.ኤ.አ. 1968) የተሻለ አይገኝም፤ በዚያ ፊልም ከፓሪስ የእህቱ ልጅ 25,000 ፍራንክ የላከለት ሰው ከዚያ ውስጥ የእርሱ 2,000 ብቻ መሆኑን ሰፈሩ ሳያውቅ ይቀርና ገንዘቡን ገና ሳይቀበል ሁሉም ብድር ሊጠይቀው ይመጣል። የፊልሙ ርዝመት አንድ ሰዓት ተኩል ስለሆነ ለእርሱ የሚያዘው ምሽት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጀመራል።